ክሬሙን ለሱቅ በስንት? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሱቁ 30 በመቶ ይፈልጋል። ስለዚህ በጅምላ ዋጋዬ ላይ 30 በመቶ ጨምሬ የመደርደሪያውን ዋጋ አወጣለሁ።»

ይህን አባባል መስማት ሰልችቶናል። የኮስሞቲክስ ሱቅ ባለቤት «30» ሲል የሚያወራው ስለ መሸጫ ዋጋው ነው፤ ከደንበኛ ከምቀበለው 100 ብር ውስጥ 30ው ለእኔ ይቅር ማለቱ ነው። አምራቹ ግን 30ውን የሚያሰላው በማስረከቢያ ዋጋው ላይ ነው። ሁለቱም «30» ብለው ተጨባብጠው ይለያያሉ፤ ብሩ ግን አይገናኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚመረት ባለ 200 ሚሊ ሊትር የሺአ ቅቤ የፀጉር ክሬም እንውሰድ። ዋጋዎቹ ሂሳቡን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። የማስረከቢያ ዋጋው ያለ ቫት 280 ብር ነው እንበል። 30 በመቶ ሲጨመርበት 364 ይሆናል። ለሱቁ የቀረው 84 ብር ነው፤ 84 ለ364 ሲካፈል ደግሞ 23 በመቶ እንጂ 30 አይደለም። ለሱቁ እውነተኛ 30 እንዲቀረው 280ን በ1.3 ማባዛት ሳይሆን ለ0.7 ማካፈል ነው። 400 ብር ይመጣል፤ ከዚያ ላይ 120ው የሱቁ፣ 280ው የአምራቹ ነው። 25 በመቶ ለሚፈልግ ለ0.75፣ 35 ለሚፈልግ ለ0.65 ይካፈላል። ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም።

ስህተቱ ቶሎ የማይታየው ባለ ሱቁ ስለማይከራከር ነው። ዕቃውን ይቀበልና የራሱን ዋጋ ይለጥፋል፦ 400፣ ከነቫቱ 460። የአምራቹ የቴሌግራም ቻናል ላይ ግን 364 ከነቫቱ፣ ማለትም 418 ብር ከ60 ሳንቲም ተጽፏል። ደንበኛዋ መደርደሪያው ፊት ቆማ ስልኳን ታወጣለች፣ ሁለቱን ዋጋ ታያለች፣ ዕቃውን መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሁለተኛ ካርቶን ይዘዛል ተብሎ ሲጠበቅ «እንደውልላችኋለን» የሚለው መልስ ይመጣል። አምራቹም ክሬሙ አልተወደደም ብሎ ቀመሩን መቀየር ይጀምራል! ቀመሩ ምን አደረገ? ያልተስተካከለው ማባዣው ነው።

ሂሳቡን ከመደርደሪያው ጀምሮ ወደ ኋላ መስራት የሚሻለውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ምርታችሁ አጠገቡ የሚቀመጠውን ተመሳሳይ ክሬም ዋጋ ቢያንስ በሦስት የሰፈር ሱቆች እዩ። የመርካቶን ዋጋ እንደ መደርደሪያ ዋጋ አትያዙ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ የሚነገራችሁ የጅምላ ወይም ለጅምላ የቀረበ ዋጋ ነው። መጠኑ ስለሚለያይ ዋጋውን በ100 ሚሊ ሊትር አስሉት፦ ጎረቤታችሁ ባለ 250ው በ550 ከተሸጠ 100 ሚሊው 220 ብር ነው፤ የእናንተ ባለ 200 በ460 ሲሸጥ 230 ነው። ተቀራርቧል፣ ይሄዳል። ከዚያ 460ን ለ1.15 አካፍሉና ቫቱን አውጡ፤ 400። የሱቁን 30 በመቶ ቀንሱ፤ 280። ምርቱ ሱቁ እስኪደርስ የሚያስወጣችሁ ከዚህ በታች ካልሆነና የሚያኖር ትርፍ ካልቀረ፣ መጠኑ ወይም ማሸጊያው ይለወጣል እንጂ የሱቁ ድርሻ አይነካም።

«ማስረከቢያዬ 322 ነው፤ ቫቱ የሂሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ነው።»

አይደለም፤ ድርድሩ ራሱ እሱ ነው። 322 ከነቫቱ ከሆነ ልክ ነው፤ ለ1.15 ሲካፈል ያው 280 ይሆናል። ደረሰኝ ሲቆረጥ «ቫት አልተጨመረበትም» ካላችሁ ግን ሱቁ 370 ብር ከ30 ሳንቲም ሊከፍል ነው። በ460 ሸጦ ቫቱን ሲያወራርድ 78 ብር ይቀረዋል፤ 19 ከግማሽ በመቶ ማለት ነው። የተስማማው ግን በ30 ነበር።

አምራቹ የቫት ተመዝጋቢ ሳይሆን ሱቁ ተመዝጋቢ የሆነበት ጊዜም አለ። ያልተመዘገበ አምራች 322 ብሎ ተራ ደረሰኝ ቢቆርጥ፣ ሱቁ የሚያቀናንሰው የግዢ ቫት ስለሌለ አሁንም የሚቀረው ያው 78 ብር ነው። ለእንዲህ ያለ ሱቅ መቅረብ ያለበት ዋጋ 280 ነው። አምራቹ ለማሸጊያና ለጥሬ ዕቃ የከፈለው ቫት በበኩሉ ስለማይመለስለት ወጪው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፦ እናንተ ተመዝጋቢ ናችሁ? እነሱስ? የዋጋ ዝርዝሩ ላይም «ቫትን ጨምሮ» ወይም «ቫትን ሳይጨምር» የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍ።

«አንዱ ክሬም 110 ብር ነው የሚፈጅብኝ፤ 60 ጥሬ ዕቃ፣ 50 ማሸጊያ።»

20 ሊትር ክሬም ተሠርቶ 100 ፍሬ ይወጣል የሚለው በወረቀት ላይ ነው። ድስቱና መምቻው ላይ የሚቀረው ሲቀነስ 96 ይሞላል። ከዚያ ሦስቱ ለሱቆች ቴስተር ይሆናሉ፣ አንዱ የምርት መለያ ቁጥሩ ተጽፎበት ለክትትል ይቀመጣል። የሚሸጠው 92 ነው። ጥሬ ዕቃው 6,000፣ የ96ቱ ዕቃ ከነክዳኑ፣ ሌብሉና ካርቶኑ 4,800፣ ጉልበት፣ መብራትና የቤት ኪራይ ድርሻ 3,000 ቢሆን ድምሩ 13,800 ነው። ለ92 ሲካፈል 150 ብር። አንድ ካርቶን 24 ፍሬ ይዛችሁ ለማድረስ አንድ ጊዜ፣ ገንዘብ ለመቀበል ሌላ ጊዜ ስትሄዱ እያንዳንዱ ጉዞ 300 ብር ከፈጀ በፍሬ 25 ብር ይጨምራል። ሱቁ ሲደርስ ክሬሙ 175 ብር ፈጅቷል። ከ280 ላይ የሚተርፈው 105 እንጂ 170 አይደለም። ብዙ ሰው ቅናሽ የሚሰጠው ከዚያ በሌለው 170 ላይ ነው።

«ሸጣችሁ ክፈሉኝ ብዬ ብሰጥም ዋጋው ያው ነው።»

የሱቁ ገንዘብ ካልታሰረ ድርሻውም አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። 24 ፍሬ በአደራ ሰጣችሁ፤ በሦስት ወር 16 ተሸጠ፣ 5 ደህና ተመለሰ፣ 3 ደግሞ ደንበኛ ከፍቶ አሽትቶት ወይም ሌብሉ በዘይት ተበላሽቶ ተመለሰ። ገቢያችሁ 16 በ280፣ 4,480 ነው። ደህና ከተመለሱት በቀር 19ኙ ፍሬ በ150 ሂሳብ 2,850 ብር ሄዷል፤ ሦስት ጉዞ 900 ብር ፈጅቷል። የቀራችሁ 730 ብር ነው። እነዚያው 24 በእጅ በእጅ ቢሸጡ 2,520 ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ በአደራ ለሚወስድ ሱቅ ድርሻው 25 በመቶ ይሁን፤ ማስረከቢያው ያለ ቫት 300 ይሆናል። ያም ሆኖ ከላይ ያለውን ኪሳራ በከፊል እንጂ በሙሉ አይሸፍንም፤ 730 የነበረው 1,050 ነው የሚሆነው። የሚያድነው የርክክብ ወረቀቱ ነው፦ ብዛት፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ የቆጠራ ቀን፣ እና «ተከፍቶ ወይም ተበላሽቶ የተገኘ ፍሬ እንደተሸጠ ይቆጠራል» የምትል አንዲት መስመር። ቴስተሩን እናንተ ከሰጣችሁ ባለ ሱቁ በዚህች መስመር ብዙም አይከራከርም። በወሩ መጨረሻ ከ24ቱ 6 እንኳ ካልተሸጠ 24 አትተዉ፤ ወደ 8 አውርዱት።

«አሁን ራሴ አመላልሳለሁ፤ አከፋፋይ ሲገኝ ዋጋውን አስተካክላለሁ።»

የተለጠፈ ዋጋ ለአከፋፋይ ብሎ ከፍ ሲል ደንበኛ ይሸሻል። ቦታውን ከመጀመሪያው ተዉለት። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር የሚወስድ አከፋፋይ ለሱቅ በ280 እየሸጠ 15 በመቶ ቢይዝ 42 ብር የእሱ ነው፤ ለእናንተ 238 ይደርሳል። ሱቅ ለሱቅ መዞሩ ቀርቶ ማድረሻው ከ25 ወደ 5 ብር ከወረደ ወጪያችሁ 155 ነውና 83 ብር ይተርፋል። ወጪው 250 ሆኖ ከ280ው ላይ በፍሬ 30 ብር ብቻ እያተረፈ የጀመረ ሰው ግን በዚሁ ስሌት 8 ብር ነው የሚቀረው። 8 ብር ይዞ አከፋፋይ መፈለግ ድካም ነው።

«በቀጥታ ለሚያዙኝ በጅምላ ዋጋ ብሰጥ ማን ይጎዳል?»

ሱቁ ይጎዳል፣ ቀጥሎ እናንተ። ቲክቶክ ላይ በ322 የሚሸጥ ክሬም መደርደሪያ ላይ በ460 አይነሳም። በቀጥታ ስትሸጡም የመደርደሪያውን ዋጋ ጠይቁ፤ ማድረሻውን ደንበኛ ይክፈል። ለተከታዮቻችሁ የተለየ ነገር መስጠት ካማራችሁ ሱቅ ውስጥ የሌለ ነገር ስጡ፣ ለምሳሌ ክሬሙን ከፀጉር ዘይት ጋር አንድ ላይ አሽጉት።

«ሱቆቹ ከ460 በታች እንዳይሸጡ ውል አስፈርማለሁ።»

አታስፈርሙ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አምራችና ቸርቻሪ በዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ ላይ መስማማታቸውን ይከለክላል። የመሸጫ ሐሳብ ማቅረብና ማስገደድ ይለያያሉ፤ ዋጋ የሚሰብር ሱቅ ካስቸገራችሁ በትልቅ ትዕዛዝ የምትሰጡትን ቅናሽ መርምሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰብርበትን አቅም ያገኘው ከእናንተው ነው።

«10 ለገዛ 1 በነፃ ማለት 10 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው።»

9.1 በመቶ ነው፤ 11 ፍሬ በ10 ዋጋ ስለሆነ። ለእናንተ ደግሞ ከቅናሹ ይረክሳል፦ በ10 ፍሬ ላይ 10 በመቶ ብትቀንሱ 280 ብር ታጣላችሁ፣ አንዱን በነፃ ብትሰጡ የሚወጣባችሁ 175 ነው። ሱቁ ያንን አንድ ፍሬ በ460 ይሸጠዋልና እሱም አይከፋም። ነፃውን ፍሬ ግን ደረሰኙ ላይ አስፍሩት፤ ካልሰፈረ የመጋዘን ቆጠራና ሽያጭ አይገጥሙም።