የዕፅዋት እንክብሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እርድ እየበላሁ ነው ያደግሁት። እንክብሉ ምን ያደርገኛል?»

በአንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን፣ ማለትም የእርድ ዋና ንጥረ ነገር፣ 100 ሚሊግራም ገደማ ቢሆን ነው። አንድ እንክብል ግን ብዙ ጊዜ 500 ሚሊግራም ገደማ የተጣራ ይይዛል። ያም ሆኖ ብቻውን ሲዋጥ ብዙም ርቀት አይሄድም። የአንጀት ግድግዳና ጉበት፣ ወደ ቀሪው ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት ይለውጡታል። በእንክብሉ ላይ የተጻፈው መጠንና ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ለየቅል የሆኑት ለዚህ ነው።

ለዚህም ነው አምራቾች ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፒፐሪን የሚጨምሩበት። ፒፐሪን ያንን ለውጥ ያዘገያል። በ1998 በታተመ ጥናት፣ 2 ግራም ኩርኩሚን ብቻውን የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው ከምንም አይቆጠርም ነበር። 20 ሚሊግራም ፒፐሪን ሲጨመር ግን በ20 እጥፍ ገደማ ከፍ አለ።

ችግሩ፣ ፒፐሪን የሚያዘገየው የኩርኩሚንን ለውጥ ብቻ መርጦ አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይንና የልብ መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎልም ደም ውስጥ ከፍ ሲሉ ታይቷል። ፌኒቶይን ትንሽ ሲበዛ ያንገዳግዳል፣ ዓይንም ያርገበግባል። በእርድ እንክብሎች ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም አሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ እንክብሉን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ቁንዶ በርበሬ ግን ያን ያህል አያሳስብም።

«ዋርፋሪን 99 በመቶው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቋል። ዕፅዋቱ ካላቀቀው አለቀልን!»

ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ የሚሠራው ከደም ፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀው፣ ነጻው ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ያስፈራል፤ 1 በመቶው ነጻ የነበረው 2 ቢሆን እጥፍ ነው። ግን ነጻ የሆነውን ጉበት ቶሎ ያጣራዋል። ስለዚህ ነጻው መጠን ለጊዜው ጨምሮ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እውነተኛው አደጋ ጉበት ራሱ ሲታገድ ወይም ሲፋጠን ነው።

«ሴንት ጆንስ ዎርቱን ካቆምኩ ሁለት ቀኔ ነው፤ ከሰውነቴ ወጥቷል።»

ለድብርት የሚወሰደው ይህ ተክል ወጥቷል፣ ልክ ነው። ሃይፐርፎሪን የተባለው ንጥረ ነገሩ በ9 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሁለት ቀን ከሞላ ጎደል ያልቃል። ግን ጉበት መድኃኒት የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን አብዝቶ እንዲሠራ አድርጎት ነበር። እነሱ ወደ ቦታቸው ለመመለስ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃሉ።

እንበል፣ አንዲት ሴት ለድብርት ብላ ሳትናገር ትወስደዋለች፤ ዋርፋሪንም በቀን 5 ሚሊግራም ትወስዳለች። ኢንዛይሞቹ ዋርፋሪኑን ቶሎ ስለሰበሩት የደም መርጋት ምርመራዋ (አይኤንአር) ወረደ፤ ሐኪሟ ወደ 7 ከፍ አደረገላት። ተስተካከለ። ከዚያ እንክብሉን በድንገት ተወችው። በሦስተኛው ቀን ምርመራው ደህና ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ኢንዛይሞቹ ወርደዋል፣ 7ቱ በዝቷል፣ ድዷ መድማት ጀምሯል። ስታቆምም ስትጀምርም ለሐኪሟ ብትነግር ኖሮ፣ በነዚያ ሳምንታት ደሟ ቶሎ ቶሎ እየታየ መጠኑ ይቀነስላት ነበር።