ጀርመን ሄዶ መማር በብር ሲሰላ

«ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚለው ወሬ ውሸት አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ ለውጭ ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በየሴሚስተሩ የሚከፈለው መዋጮ ከ100 እስከ 400 ዩሮ ገደማ ነው፤ ብዙ ቦታ የአውቶቡስና የባቡር ትኬትም አብሮት ይመጣል። ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ክፍያ ጀምሯል፤ ማስተርስ ከሆነ ደግሞ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የት አገር ሳይሆን የት ክልልና የት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ገንዘቡ በትክክል የሚፈለገው ግን ለኑሮ ነው። ቪዛ ለማግኘት ብሎክድ አካውንት የሚባለው ውስጥ የአንድ ዓመት ወጪ አስቀድሞ መግባት አለበት። መጠኑ በመስከረም 2024 ከ11,208 ወደ 11,904 ዩሮ አድጓል። እዚያ ከደረሱ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ይለቀቃል።

እዚህ ጋ ምንዛሬው ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ58 ብር በታች ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ130 አለፈ። ዩሮም ከ62 ብር አካባቢ ተነስቶ እጥፍ ሆነ። የብሎክድ አካውንቱ 11,904 ዩሮ በ62 ብር ሲሰላ 740 ሺህ ብር ገደማ ሲሆን፣ በ150 ብር ግን 1,785,600 ብር ነው። ለቃሪያ ለሽንኩርት እንደምናሰላው ቀላል ሂሳብ አለው፦ ዩሮ በአንድ ብር በጨመረ ቁጥር 11,904 ብር ይጨመርብሃል። የመግቢያ ደብዳቤ መጥቶ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ እስኪደርስ ወራት ስለሚያልፉ፣ ዛሬ የተሰላው ሂሳብ ያኔ አይሠራም። ደግሞ የባንኩን መሸጫ ዋጋ እንጂ መግዣውን አትይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ላይፕዚግ ማስተርስ የምትማር፣ ከ30 ዓመት በታች የሆነች ተማሪ እናስብ። የተማሪ መኖሪያ ክፍል 320፣ የጤና መድን 145፣ ምግብ 220፣ የሴሚስተር መዋጮ በወር ሲካፈል 50፣ ስልክና ልብስ 85፤ በወር 820 ዩሮ። ሙኒክ ብትሄድ ግን ክፍሉ ብቻ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ዕድሜዋ 30 ከሞላ ደግሞ የተማሪ መድን ዋጋ ያበቃል፤ በጣም ይወደዳል፤ ይህን ብዙዎቻችን የምናውቀው እዚያ ከደረስን በኋላ ነው።

መነሻ ወጪም አለ። ቪዛ 75፣ ለዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚቀበለው በዩኒ አሲስት በኩል ለአራት ትምህርት ክፍል ማመልከቻ 165፣ የአካውንቱ መክፈቻ ወደ 90፣ ትኬት 600፣ የሁለት ወር የቤት መያዣ 640፣ የመኖሪያ ፈቃድ 100፣ ለክረምት ኮትና ለአልጋ ልብስ 250። ሲደመር 1,920 ዩሮ። መያዣው ስትወጣ ይመለስላታል፣ የመጀመሪያው ወር ላይ ግን የለም።

ማስተርስ በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ነው። እኔ ሁለት ዓመት ተኩል ብላችሁ አስሉ እላለሁ፣ መመረቂያ ጽሑፉ ይጎተታል። በ30 ወር 24,600 ዩሮ፣ ከመነሻው ጋር 26,520 ይሆናል። አስቀድሞ የተከፈለው፣ ብሎክድ አካውንቱና መነሻ ወጪው ሲደመሩ፣ 13,824 ነው፤ 12,696 ይቀራል።

ይህን ቀሪ የሚሸፍነው ሥራ ነው። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል። በ2026 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 13.90 ዩሮ ሲሆን፣ ሚኒ ጆብ የሚባለው አነስተኛ ሥራ እስከ 603 ዩሮ በወር ያስገኛል፤ ይኸውም በሳምንት አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ግን ሥራ ከመጀመሪያው ወር አይገኝም፤ ጀርመንኛ ካልቻለች ምርጫዋ መጋዘንና ጽዳት ነው፣ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ሰዓቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ30 ወሩ 18ቱን ብቻ ብንቆጥር 10,854 ዩሮ ይመጣል፤ ከቤተሰብ የሚፈለገው 1,842 ብቻ ይቀራል።

ሥራ ካላገኘችስ? 12,696 ዩሮው በሙሉ ከአዲስ አበባ ይመጣል። በ150 ብር 1,904,400 ነው፤ ዩሮ 180 ብር ቢገባ 2,285,280። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስም ገንዘቡ እንደገና ይጠየቃል፣ የሥራ ውልና የደመወዝ ወረቀት የሚረዳውም ያኔ ነው። ከዚህ የተነሳ ሁለቱን ዓመት ለያይቶ ማስላት ነው የሚሻለው፦ የመጀመሪያው በብር ተሰብስቦ ያለቀ፣ ሁለተኛው ደግሞ እዚያው በዩሮ የሚገኝ። ሁለተኛውንም በብር ለመሸፈን ያሰበ ሰው ሂሳቡን ዛሬ ባለው ዋጋ ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላ በሚሆነው ሊይዘው ይገባል፤ ያንን ደግሞ ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ይጨምርበት።