«የዕለት ተዕለት ቁጥጥር» ምንድን ነው? የኮንትራክተር ሠራተኛ ሳይት ላይ ሲጎዳ ለኦሻ የሚደውለው ማነው?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ሕንጻ እየታደሰ ነው እንበል። የሕንጻው ባለቤት ሥራውን ለዋና ኮንትራክተር ሰጥቷል። ዋናው ኮንትራክተር የድራይዎሉን ሥራ ለሰብ ኮንትራክተር አሳልፏል። ሰብ ኮንትራክተሩ ደግሞ ሰው ሲያንሰው ከኤጀንሲ ሁለት ሠራተኞች አስመጥቷል። ከሁለቱ አንዱ አርብ ከሰዓት በኋላ ከመሰላል ወደቀ።

በሳይቱ ላይ አራት ድርጅቶች አሉ። ኤጀንሲው «ደመወዙን እንጂ ሥራውን አላየሁም» ይላል። ሰብ ኮንትራክተሩ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ይላል። ዋናው ኮንትራክተር «ሰብ አለው» ብሎ ያልፋል። ባለቤቱ ጭራሽ አልሰማም። እንዲህ እየተባባሉ የሪፖርቱ ሰዓት ያልፋል።

የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ኦሻ፣ ለዚህ አንድ መለያ አለው። የዕለት ተዕለት ቁጥጥር ይባላል። የሚጠየቀው ደመወዙን ማን ይከፍላል አይደለም፤ ሕንጻው የማን ነውም አይደለም። ሰውየውን በየቀኑ እየመራ የሚያሠራው ማነው ነው። የጉዳት መዝገቡም የስልክ ጥሪውም የዚያ ድርጅት ግዴታ ነው።

ቁጥጥር ሲባል ግን ትእዛዝ ሁሉ አይደለም። የዋናው ኮንትራክተር ኃላፊ መጥቶ «ሦስተኛው ፎቅ እስከ ማክሰኞ ይለቅ» ቢል ውጤት ነው የጠየቀው። የድራይዎሉ ፎርማን ግን «ያንን ባለ ስምንት ጫማ መሰላል ያዝ፣ ከበሩ ወገን ጀምር፣ ብሎኑን እንዲህ አጥብቀህ እሰር» እያለ አሠራሩን ራሱን ይነግረዋል፤ ሲሳሳት ያርመዋል። ቁጥጥር የሚባለው ይሄኛው ነው። ስለዚህ በእኛ ምሳሌ የሚደውለው ሰብ ኮንትራክተሩ ነው፤ ሰውየው የኤጀንሲ ቢሆንም። የኤጀንሲው ተወካይ አልፎ አልፎ ሳይት መምጣቱም ይህን አይለውጠውም።

ሁኔታው ሲለወጥ ግን መልሱም ይለወጣል። የዋናው ኮንትራክተር ኃላፊ ያንን ሠራተኛ ከድራይዎሉ ቡድን ወስዶ በራሱ ትእዛዝ ፍርስራሽ ሲያስጭነው ከሰነበተ፣ በዚያ ሥራ ላይ ሲጎዳ መዝጋቢውም ደዋዩም ዋናው ኮንትራክተር ይሆናል። ከውሉ ይልቅ ሳይት ላይ በተግባር የሆነው ይበልጣል። አደጋው እንደደረሰ «ዛሬ ጠዋት ሥራ የሰጠህ ማነው?» ብሎ ጠይቆ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ ሁሉም የሚመቸውን ነው የሚያስታውሰው።

ለመሆኑ የሚደወለው መቼ ነው? ሰው በሥራ አደጋ ከሞተ በ8 ሰዓት ውስጥ ነው። ሆስፒታል ከተኛ፣ አካሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑ ከጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ። የጣት ጫፍ አጥንቱ ሳይነካ ቢቆረጥም እንደ መቆረጥ ይቆጠራል፤ ብዙ ፎርማኖች ይሄን አያውቁም። «ተኛ» የሚባለው ደግሞ ለሕክምና አልጋ ይዞ በደንብ ሲመዘገብ ነው። ለምርመራ ወይም ለክትትል ብቻ አድሮ ከወጣ አይቆጠርም። እንዲሁም ለመተኛት፣ ለመቆረጥና ለዓይን መጥፋት የሚደወለው ነገሩ የተከሰተው አደጋው በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው። ሞት ግን በ30 ቀን ውስጥ ቢደርስም ይደወላል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ልናገር። የወደቀው አርብ 3፡40 ከሰዓት ነው። «ደህና ነኝ፣ ዳሌዬን ነው ትንሽ የመታኝ» አለ። ጓደኛው በመኪናው ሆስፒታል አደረሰው። ማታ 9፡00 ላይ የዳሌ ስብራት ተገኘና ለቀዶ ሕክምና ተኛ። ሚስቱ እጅ ላይ የነበረው የኤጀንሲው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ደውላ መልእክት ተወች። ኤጀንሲው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ፎርማኑ የሰማው ቅዳሜ ጠዋት 10፡00 ላይ፣ ከጓደኛው ነው።

የ24 ሰዓቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚህ፣ ፎርማኑ ሰውየው መተኛቱን ካወቀበት ደቂቃ ነው። ፎርማን ማወቁ አሠሪው ማወቁ ነው፤ «አለቃዬ ሰኞ ነው የሰማው» ማለት አያድንም። ስለዚህ እስከ እሑድ ጠዋት 10፡00 መደወል አለበት። የሳምንት መጨረሻ ቆጠራውን አያቆምም። የአካባቢው የኦሻ ቢሮ ዝግ ከሆነ መልእክት መተው ሪፖርት አይባልም። 1-800-321-6742 መደወል ወይም osha.gov ላይ ያለውን ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። የሚጠየቀው የድርጅቱ ስም፣ አደጋው የት፣ መቼና እንዴት እንደደረሰ፣ የተጎዳው ሰው ስም፣ እና የሚደወልለት ሰው ስልክ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የራሳቸው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስላላቸው እዚያ ሲሆን የሚደወለው ለእነሱ ነው።

እኔ ብሆን አርብ ማታ ራሴ ደውዬ «ተኝቷል ወይስ ለክትትል ነው የቆየው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለሕጉ ሲባል ብቻ አይደለም። ከመሰላል የወደቀ ሰው እንዴት እንዳደረ ማወቅ የሰውነትም ነው።

ቀጥሎ መዝገቡ ነው። ሰብ ኮንትራክተሩ ጉዳቱን በፎርም 300 እና 301 ላይ ባወቀ በ7 ቀን ውስጥ ያሰፍራል። አንድ ጉዳት በአንድ ድርጅት መዝገብ ብቻ ነው የሚገባው፤ ኤጀንሲውም ዋናው ኮንትራክተርም ደግመው አይጽፉትም። 10 ወይም ከዚያ ያነሰ ሠራተኛ ያለው ድርጅት መዝገቡን ከመያዝ ነጻ ነው። ከስልክ ጥሪው ግን ነጻ አይደለም። ትንንሽ ኮንትራክተሮቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መመዝገብም ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ደንቡ ራሱ በግልጽ ይለዋል።

ሌሎቹስ አያገባቸውም? ያገባቸዋል፤ ምክንያቱ ግን ለየቅል ነው። ዋናው ኮንትራክተር ወዲያው መስማት ያለበት አደገኛው መሰላል ሌላ ሰው ሳይጥል እንዲነሳ ነው። ውሉም ብዙውን ጊዜ ያስገድዳል። ለሕንጻው ባለቤት የሚያሳውቀውም እሱ ነው። ሪፖርቱ የሰብ ነው ማለት ዋናው ኮንትራክተር ከተጠያቂነት ወጣ ማለትም አይደለም። ኦሻ ከ1999 ጀምሮ በሚሠራበት መመሪያ ሳይቱን በበላይነት የሚቆጣጠረው ድርጅትም ሊቀጣ ይችላል። ኤጀንሲው ደግሞ መስማት ያለበት የሠራተኛው የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በእሱ በኩል ስለሆነ ነው።

ይህ የካሳ ጉዳይ ከኦሻ ሪፖርት የተለየ መንገድ ነው። ሰብ ኮንትራክተሩ ለኦሻ ስለደወለ ካሳው ተጀመረ ማለት አይደለም። በዲሲ ሕግ ሠራተኛው ራሱ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በምሳሌያችን ሰውየው ወይም ሚስቱ ለኤጀንሲው በድምጽ መልእክት ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ልከው ቅጂውን ማስቀረት አለባቸው። ጉዳቱን በመናገሩ ከሥራ ቢባረርም ለኦሻ አቤት ለማለት ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ከተባረረበት ቀን ነው።