ፋብሪካው ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? ስለ ባለአክሲዮኖችና ስለ ባለድርሻ አካላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቢዝነስ ሥነ ምግባር ውስጥ ሁለት ጎራዎች አሉ። አንደኛው ሥራ አስኪያጅ ተጠያቂ የሚሆነው ለባለአክሲዮኖች ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛው፣ ደንበኛው፣ አቅራቢውና ፋብሪካው ያለበት ከተማም ባለድርሻ ናቸውና በውሳኔው ሊታሰቡ ይገባል ይላል። ክርክሩ የሚጦፈው ፋብሪካ ሲዘጋ ነው፤ የተሳሳቱ አባባሎችም በብዛት የሚሰሙት ያኔ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዳይሬክተሮች ትርፍን የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ካላደረሱ ሕግ ጥሰዋል።»

ለዚህ አባባል ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የ1919ኙ የፎርድ ክስ ነው። ሄንሪ ፎርድ ለባለአክሲዮኖች የሚሰጠውን ልዩ የትርፍ ክፍፍል አቁሞ ገንዘቡን ለማስፋፊያ ሊያውለው ፈለገ። አነስተኛ ድርሻ የነበራቸው የዶጅ ወንድማማቾች ከሰሱት። የአሜሪካዋ ሚቺጋን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ኩባንያ በዋናነት የሚቋቋመው ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ነው ብሎ ክፍፍሉ እንዲከፈል አዘዘ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ፍርድ ቤት ማስፋፊያውን ለማገድ ፈቃደኛ አልሆነም። «ዳኞች የቢዝነስ ባለሙያዎች አይደሉም» ብሎ ለዳይሬክተሮቹ ተወው። ዛሬም የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። ዳይሬክተሩ የጥቅም ግጭት ከሌለበት፣ መረጃ አሰባስቦ በቅን ልቦና ከወሰነ፣ «ከዚህ የተሻለ ልታተርፍ ትችል ነበር» ብለው አይጠይቁትም። ትንሽ የሚያተርፍ ፋብሪካን ክፍት አድርጎ ማቆየት በራሱ ማንንም አያስከስስም። የእንግሊዝ የ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ ደግሞ ዳይሬክተሮች የሠራተኞችንና የማኅበረሰቡን ጉዳይ ከግምት እንዲያስገቡ በግልጽ ያዛል። ግቡ ግን ያው የባለአክሲዮኖች ጥቅም ሆኖ ይቀጥላል።

«ፍሪድማን ለትርፍ ሲባል ምንም ቢደረግ ችግር የለውም ብሏል።»

አላለም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሚልተን ፍሪድማን በ1970 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ትርፍ የሚፈለገው የኅብረተሰቡን መሠረታዊ ሕጎች ጠብቆ ነው ብሏል። በሕግ የተጻፉትን ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ልማዶችንም ጨምሮ ነው። ሰዎች ይህን ሐረግ ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። ከባዱ ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና። ለሠራተኞች «አንዘጋም» ብሎ ቃል ገብቶ መዝጋት የሥነ ምግባር ልማድን ይጥሳል ወይስ አይጥስም? ወደዚህ እንመለሳለን።

«የባለድርሻ አካላትን አስተሳሰብ የሚከተል ኩባንያ ፋብሪካ አይዘጋም።»

ይዘጋል። ሐሳቡን በ1984 መልክ ያስያዘው ኤድዋርድ ፍሪማን እንኳ ኩባንያ ኪሳራ እየተሸከመ ይኑር አላለም። የከሰረ ፋብሪካ ደሞዝም ግብርም አይከፍልም። ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። ለነማን ተነገራቸው? መቼ? ፋብሪካውን መግዛት የሚፈልግ ሰው ዕድል አገኘ? የመዝጋቱ ወጪ ማን ላይ ወደቀ?

«ፋብሪካ ያተርፋል ወይ ይከስራል፤ የቁጥር ጉዳይ ነው እንጂ ሥነ ምግባር እዚያ ውስጥ ምን ሊሠራ?»

ለዚህ የያንግስታውንን ታሪክ የሚያህል መልስ የለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የምትገኘው ይህች ከተማ በብረታ ብረት ነው የኖረችው። መስከረም 19 ቀን 1977 አንድ ትልቅ የብረት ፋብሪካ መዘጋቱ ተነገረ፤ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ሥራ አጣ። ከተማው ቀኑን እስከ ዛሬ «ጥቁሩ ሰኞ» ይለዋል። ዩ ኤስ ስቲል የተባለው ሌላ ኩባንያም በአካባቢው ሁለት ያረጁ ፋብሪካዎች ነበሩት። አስተዳደሩ ለሠራተኞቹ በተደጋጋሚ የነገራቸው ነገር ባጭሩ ይህ ነበር፦ ፋብሪካው ካተረፈ ክፍት ይቆያል። ሠራተኞቹም ምርታማነትን ለማሳደግ ደፋ ቀና አሉ። በኅዳር 1979 ግን ኩባንያው መዝጋቱን አሳወቀ። 3,500 ያህል ሰው ነው የሚነካው።

ሠራተኞቹ ቃሉ ይከበርልን ብለው ከሰሱ። «አትርፈናል» አሉ። ኩባንያው «አላተረፋችሁም» አለ። የሚገርመው ሁለቱም ቁጥር ነበራቸው። ሠራተኞቹ የያዙት ከሽያጩ ላይ ቀጥተኛ የማምረቻ ወጪ ብቻ ተቀንሶ የቀረውን ነው። ኩባንያው ከዚያ ላይ ቋሚ ወጪዎችንም ቀነሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አትራፊነት የሚባለው ነገር በአብዛኛው በትርጉሙ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አልካደም። በመጨረሻ ግን የኩባንያውን ስሌት ተቀበለ።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው እንጂ የያንግስታውን አይደሉም። አንድ ፋብሪካ 100 ሚሊዮን ይሸጣል። ጥሬ ዕቃ፣ ደሞዝና ኃይል 80 ሚሊዮን ይወስዳሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት ከአጠቃላይ ወጪው 25 ሚሊዮኑን በዚህ ፋብሪካ ስም ያስመዘግባል። በወረቀት ላይ 5 ሚሊዮን ኪሳራ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ግን የዋናው መሥሪያ ቤት ሕንፃና የአለቆቹ ደሞዝ አብረው አይዘጉም። ያ 25 ሚሊዮን ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ይዛወራል፤ ከሽያጩ 80 ሚሊዮኑ ተቀንሶ ይተርፍ የነበረው 20 ሚሊዮን ግን ጠፋ። እንግዲህ ስለ ባለአክሲዮኑ ብቻ የሚያስብ ሥራ አስኪያጅም በዚህ ስሌት ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ስሌት ገደብ አለው። ማሽኑ አርጅቶ በትልቅ ገንዘብ መተካት ካለበት ጥያቄው ይለወጣል። የዘንድሮ ትርፍ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ይበልጥ ያስገኛል ወይ የሚለው ይመጣል። ጉዳዩን በአጭሩ መለየት የሚቻለው አንድ ነገር በመጠየቅ ነው፦ ከተመዘገበው ወጪ ውስጥ በሩ ሲዘጋ በእርግጥ የሚጠፋው የትኛው ነው? በከተማው በኩል የሚወድቀው ወጪ፣ ማለትም የጠፋ ግብርና ያለ ሥራ የቀረ ሰው፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ሠራተኞቹ ፋብሪካዎቹን ራሳቸው ለመግዛትም ሞክረዋል። ኩባንያው በመንግሥት ገንዘብ ለሚደገፍ ተፎካካሪ አልሸጥም አለ። ሁለቱ ጎራዎች በእውነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መዝጋቱን ሁለቱም ሊቀበሉት ይችላሉ። ሌላ ሰው ሊያስቀጥለው የሚፈልገውን ፋብሪካ ተፎካካሪ እንዳይፈጠር ብሎ መከልከል ግን ለባለአክሲዮኑ ስልት ነው፤ ለባለድርሻ አካላት ደግሞ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

«ፍርድ ቤት ሠራተኞቹን ሊያድናቸው ይችል ነበር።»

አንድ ዳኛ ሞክረው ነበር። የፌዴራሉ ዳኛ ቶማስ ላምብሮስ በየካቲት 1980፣ ከተማውና ኩባንያው ለረጅም ዘመን ተሳስረው ከመኖራቸው የተነሳ አንድ ዓይነት የንብረት መብት የተፈጠረ ይመስለኛል ብለው ተናገሩ። የባለድርሻ አካላትን ሐሳብ ወደ ሕግ ለመቀየር ከዚህ የቀረበ ሙከራ ማግኘት ይከብዳል። በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው እንዲህ ያለ መብት በሕጉ ውስጥ አላገኘሁም ብለው ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ክሱን ከከተማው የወጣ የድረሱልኝ ጩኸት ብሎ ቢገልጸውም፣ መፍትሔው ያለው በሕግ አውጪው እጅ ነው አለ። ከሽያጩ ክልከላ ጋር የተያያዘውን የውድድር ሕግ ጥያቄ ብቻ ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰ።

ሕግ አውጪው በ1988 መለሰ። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ፋብሪካ ሲዘጋ ወይም በጅምላ ሲቀንስ በጥቅሉ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ለጎደሉት ቀናት ደሞዝ ይከፍላል። ሕጉ መዝጋቱ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም። የያንግስታውኖቹ ትላልቅ ማቅለጫዎች ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1982፣ በፈንጂ ፈርሰዋል።