«ብዙ የሚፈለገውን ኪወርድ ስጠኝ» እና ሌሎች የሰለቹኝ ነገሮች

«ጉግል ላይ በብዛት የሚፈለገውን ኪወርድ አግኝና እሱ ላይ ጻፍልኝ።»

አቦ! ድሬ ውስጥ ይህን ያላለኝ ደንበኛ ቢኖር ቡና እጋብዘዋለሁ። ጉግል ላይ የሚገኝ ጽሑፍ ለደንበኛ የመጻፍን ሙያ የሚጀምሩ ልጆችም ከዩቲዩብ መጀመሪያ የሚይዙት ይህንኑ ነው። ኪወርድ ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው የፍለጋ ቃል ነው። የፍለጋው ቁጥር የሚነግራችሁ ግን ቃሉ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ብቻ ነው። ለምን እንደተጻፈ አይነግራችሁም። ለደንበኛችሁ እንጀራ የምታመጣው ደግሞ ያቺ «ለምን» የምትለዋ ናት።

አንድ ሥራ ላሳያችሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት እናት ደወሉልኝ። ዌብሳይት አሠርተዋል፣ እንግዳ ግን በእሱ በኩል አይመጣም። «ዋናው ቃላችን `Harar` ይሁን» አሉኝ። አልተከራከርኩም። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ቃሉን ጉግል ላይ ጻፍኩት። የወጣው ዊኪፔዲያ፣ የዩኔስኮ ገጽ፣ ካርታ፣ ብዙ ፎቶ ነው። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን የሚናገር ነገር ሞልቷል። ክፍል የሚያከራይ ሰው ግን ከዚያ ሁሉ መሀል ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

«እትዬ፣ ይህን ቃል የሚጽፈው ማን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። የቤት ሥራ ያለበት ተማሪ ሊሆን ይችላል። የሐረር ቡና የሚወድ ሊሆን ይችላል። አገሩ የናፈቀው ዲያስፖራም ይሆናል። ዛሬ ማታ አልጋ የሚፈልገው ከነዚህ ውስጥ ጥቂቱ ነው። ጉግልም ገጹን የሞላው ለብዙሃኑ በሚሆን ነገር ነው። ሰውዬው ታሪክ እየፈለገ የአልጋ ዋጋ ብታቀርቡለት፣ አይቷችሁም አይከፍታችሁም።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «እንግዶችዎ ከመምጣታቸው በፊት በዋትስአፕ ምን ይጠይቁዎታል?» ስልካቸውን ከፈቱ። ከኤርፖርት እንዴት ነው የምመጣው? ክፍሉ ከግንቡ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ጅቡ የሚበላው ስንት ሰዓት ነው? ያ ስልክ ከማንኛውም የኪወርድ መሣሪያ ይበልጣል። ገንዘብ ሊከፍሉ የተዘጋጁ ሰዎች በራሳቸው አፍ የጠየቁት ጥያቄ ነዋ።

ሐረር ኤርፖርት የላትም። በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው፣ ከዚያ ሃምሳ ምናምን ኪሎሜትር በመኪና ይወጣል። ስለዚህ `dire dawa to harar` የሚለውን መረጥን። የፈላጊው ቁጥር ከ`Harar` ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን ይህን የሚጽፍ ሰው ትኬት ቆርጧል፣ ወይም ሊቆርጥ ነው። አብዛኛው ማታ የሚያድርበት ቤት ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የውጤቱን ገጽ ማንበብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ድሬ ተቀምጣችሁ የምታዩት ውጤት በርሊን ያለው ቱሪስት ከሚያየው ይለያል። አድራሻው ላይ አገርና ቋንቋ ጨምሩበት፣ ቢያንስ ይቀራረባል፦

```
https://www.google.com/search?q=dire+dawa+to+harar&gl=de&hl=en
```

`gl` አገሩ ነው፣ `hl` ቋንቋው። እኛ ስናየው የወጡት ርቀትና ሰዓት በግምት የሚሞሉ የትራንስፖርት ገጾችና የቆዩ የተጓዦች ጥያቄና መልሶች ነበሩ። መንገዱን በእግሩም በጎማም የሚያውቅ ሰው የጻፈው አንድም አልነበረም። እንግዲህ ገብታችሁ የምትቆሙበት ክፍተት ማለት ይህ ነው።

ጽሑፉ ውስጥ ያስገባነው እኛ እዚህ የምንኖር ሰዎች እንደ ቁም ነገር የማንቆጥረውን ነው። ሚኒባሱ የሚነሳው ሲሞላ እንጂ በሰዓት ፕሮግራም አይደለም። መንገዱ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ ያልፋል። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ነች፣ ሐረር ወደ 1900 ትጠጋለች፤ ስለዚህ ድሬ ላይ በላብ የተጠመቀ ሰው ሐረር ሲመሽ ጃኬት ይፈልጋል። ሹፌሩ «12 ሰዓት» ካለ የፈረንጁ ሰዓት 6 ላይ ነው፤ ይህች አንዷ ነገር ስንቱን ቱሪስት እንዳስቀረች እናት ሲያወሩ ትስቃላችሁ። ጅቡ የሚበላው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው በዚያው ማታ ማየት ይችላል፤ ግን ወደ ድሬ መመለሻ ያጣል። እዚህ ላይ ወደ ክፍሎቹ ገጽ የሚወስድ አንድ ሊንክ ብቻ አደረግን። ማስታወቂያ አልሆነም፣ ሰውዬው በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሰርች ኮንሶል ላይ፣ ማለትም ገጻችሁ በየትኛው ፍለጋ እንደወጣ በሚያሳየው የጉግል መሣሪያ ላይ፣ ጽሑፉ ያላሰብናቸውን ፍለጋዎችም ይዞ መጣ፤ `dire dawa airport to harar` የሚለው አንዱ ነው። ለዚያ ሌላ ጽሑፍ አልጻፍኩም። ፍላጎቱ አንድ ስለሆነ ያንኑ ገጽ ላይ ስለ ኤርፖርቱ ንዑስ ርዕስ ጨመርኩ። ለተመሳሳይ ፍላጎት ሁለት ገጽ ከጻፋችሁ ራሳችሁን ከራሳችሁ ጋር ነው የምታፎካክሩት።

«ኪወርድ ፕላነር ላይ ፉክክሩ "Low" ይላል፣ ስለዚህ በቀላሉ እንወጣለን።»

ኪወርድ ፕላነር የጉግል የማስታወቂያ መሣሪያ ነው፣ ያ ዓምድም ስለ ማስታወቂያ ነው። ቃሉ ላይ ለማስታወቅ ስንት ድርጅት እንደሚጫረት ያሳያል። ያለ ክፍያ ለሚወጣ ጽሑፍ ምንም ማለት አይደለም። ማንም የማያስታውቅበት ቃል ላይ ዊኪፔዲያና ዩኔስኮ ተቀምጠው ሊጠብቋችሁ ይችላሉ። ማስታወቂያ ለማይገዛ አካውንት ደግሞ የፈላጊውን ቁጥር የሚያሳያችሁ በሰፊ ክልል ነው፤ «ከ100 እስከ 1000» የሚል ነገር ላይ ቆሞ ለደንበኛ ትርፍ ማስላት ጥንቆላ ነው።

«ኪወርዱ በጽሑፉ ስንት ፐርሰንት ይሁን?»

ምንም ፐርሰንት የለም። ርዕሱ ላይ ይኑር፣ መግቢያው ላይ ይኑር፣ ከዚያ እንደ ሰው ጻፉ።

«ከ2000 ቃል በታች አይወጣም።»

ጉግል ራሱ የቃል ብዛት መለኪያ እንደሌለው ጽፏል። ጥያቄው በ600 ቃል ካለቀ በ600 ጨርሱ።

«ሜታ ኪወርዱን ሙላልኝ።»

ሜታ ኪወርድ ገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚጻፍ የቃላት ዝርዝር ነው። ጉግል ያንን እንደማይጠቀምበት የተናገረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

«ብሪፍ ከደንበኛው ነው የሚመጣው። እኔ የተሰጠኝን እጽፋለሁ።»

ብሪፍ ማለት ጽሑፉ ለማን እንደሆነና ምን እንደሚይዝ የሚናገር የሥራ መመሪያ ነው። የውጭ ኤጀንሲ ከሆነ እውነት ነው፣ ይልካል። የኛ አገር ደንበኛ ግን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይልክና «ስለኛ የሆነ ነገር ጻፍልን» ይላል። በዚያ ላይ ተነስታችሁ ከጻፋችሁ፣ ጽሑፉ ሲደርሰው «እኔ እኮ ስለ ታሪኩ መስሎኝ ነበር» ይላችኋል። ስለዚህ ብሪፉን ራሳችሁ ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሳይጸድቅ አንድም መስመር አትጀምሩ።

የእንግዳ ማረፊያው ብሪፍ ላይ የነበረው እንዲህ ነው። ዋናው ፍለጋ አንድ። አንባቢው ማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ድሬ ኤርፖርት ሊያርፍ ያለ፣ አማርኛ የማያውቅ፣ ሌሊቱን ሐረር የሚያድር ሰው። ጽሑፉ የግድ የሚመልሳቸው አራት ጥያቄዎች፣ ከእናትየው ዋትስአፕ የተወሰዱ። የንዑስ ርዕሶች ቅደም ተከተል። ሊንኩ የት ላይ እንደሚገባ። የማይገባው ነገርም ተጽፏል፤ የከተማዋ ታሪክ አይገባም፣ እሱን የሚፈልግ ሌላ ሰው ነው። እናትየው እዚህ ላይ ትንሽ ከፍቷቸው ነበር። ወረቀት ላይ ስለነበር ግን የተከራከርነው ከመጻፌ በፊት ነው።

ሁለት መስመር ደግሞ ለራሳችሁ ጨምሩ። አንደኛው፣ ስንት ጊዜ በነጻ እንደምታርሙ። ሁለት ጊዜ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ በክፍያ። ሁለተኛው፣ የሚለዋወጥ መረጃን ማን እንደሚከታተል። የሚኒባስ ታሪፍ ዛሬ ጽፋችሁ ሲጨምር እንግዳው ከረዳቱ ጋር ይጣላል፣ ወቀሳው ለደንበኛችሁ ይመጣል። የሚያስተካክል ሰው ስም ካልተጻፈ ዋጋ አታስገቡ።

«ብሎግ ከፍቼ ጎብኚ ሲበዛ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል።»

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖር አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። ብሎጉ ላይ ኳስ አለ፣ ጤና አለ፣ ፍቅር አለ፣ ስለ ስልክም አለ። ጎብኚም አለው። ሥራ የሰጠው ግን የለም፤ አንድ ቡና ላኪ ያንን ብሎግ ከፍቶ «ይህ ልጅ የኔን ሥራ ይችላል» የሚልበት ምክንያት አይታየውም።

ብሎጉን እንደ ናሙና ዕዩት። አንድ ዘርፍ ምረጡ፣ ለምሳሌ የሐረር ቡና። ሦስት አራት ጽሑፍ በደንብ ሥሩ። የሐረር ቡና በተለምዶ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ፣ ይህም ጣዕሙን እንዴት እንደሚለውጠው አንዱ ይሁን። ከዚያ ለየጽሑፉ አጠር ያለ ማብራሪያ አዘጋጁ፦ ይህን ፍለጋ ለምን መረጥኩ፣ የውጤቱ ገጽ ላይ ምን ጎደለ፣ ሰርች ኮንሶል ምን ያሳያል። የሰርች ኮንሶሉን ገጽ ምስል አንስታችሁ አስቀምጡት፣ መረጃው የሚቆየው ለ16 ወር ብቻ ነው። ለደንበኛ የሚላከው ይህ ነው። «የሙከራ ጽሑፍ በነጻ ጻፍልን» ለሚላችሁም መልሱ ይኸው ነው፤ ናሙናው አለ፣ ያንብብ።

ብሎጉ ትንሽ ሲታወቅ «ሊንክ አስገባልን፣ እንከፍላለን» የሚል ኢሜይል ይመጣል። መቀበል ትችላላችሁ። ግን የተከፈለበት ሊንክ እንዲህ ይታወቅ፦

```
<a href="https://example.com" rel="sponsored">...</a>
```

ከፋዩ «`rel="sponsored"` የሚለውን አጥፋው» ካለ፣ የሚገዛው የጉግልን ሕግ መጣስ ነው። የሚጎዳው የናንተ ብሎግ ነው።

«በአንድ ወር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታወጣኛለህ?»

አላወጣም። ማንም ቃል ሊገባ አይችልም። ቃል የምገባው በእጄ ባለው ነገር ነው፦ ብሪፉ፣ ጽሑፉ፣ የማስረክብበት ቀን።

«ጽሑፉ ከወጣ ሥራዬ አለቀ።»

አንድ ደንበኛ ደውሎ ጮኸብኝ። ጽሑፎቹ በሙሉ ጉግል ላይ የሉም። ጉግል ላይ `site:` ብዬ የዌብሳይቱን ስም አስከትዬ ጻፍኩ፣ አንድም ገጽ አልመጣም። እንዲህ ሲሆን ችግሩ ከጽሑፉ ጥራት ጋር አይገናኝም፤ ደካማ ጽሑፍ ቢያንስ በስሙ ሲፈለግ ይወጣል። ዎርድፕረሱን ስንከፍት Settings ውስጥ Reading የሚለው ላይ «Discourage search engines from indexing this site» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። ዌብሳይቱን የሠራው ባለሙያ በሥራ ላይ እያለ ዘግቶት፣ ሲያስረክብ ሳይከፍተው ሄዷል። ምልክቱን አነሳን፣ ሰርች ኮንሶል ላይ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ አስገብተን «Request indexing» አልን። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንበኛ ስይዝ ከብሪፉም በፊት የማየው ያንን ሳጥን ነው።