ለገበሬ «ታክሴብል ኢንካም» ምንድን ነው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ ሰውዬ ሲያስረዳ ሰማሁ። አጠገቡ ያለው ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ መሬት ተከራይቶ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ያመርታል። «ዲሴምበር ላይ የተረፈህን ብር በሙሉ ማዳበሪያ ግዛበት። ታክሴብል ኢንካምህ ዜሮ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ገበሬ ታክስ አይከፍልም» አለው። ልጁ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሰው ፊት መከራከር አልወድም፤ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን ቆጨኝ። ይህን ምክር በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ማርች ላይ ደግሞ መዘዙ ከነወረቀቱ የሚመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሼጁል ኤፍ ምን እንደሆነ አላብራራም፤ የሚያርስ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ላይ ከገቢ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ቁጥር የእርሻው የተጣራ ትርፍ ነው። ታክሴብል ኢንካም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚስት ወይም የባል ደመወዝ ይደመራል፣ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ ይቀነሳል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ የሚሰላው ከእርሻው ትርፍ ላይ ነው። ትርፉ ከ400 ዶላር ጥቂት ካለፈ ይህ ታክስ ይመጣል፤ ታክሴብል ኢንካሙ ዜሮ ቢሆንም። ስለዚህ ያ ሰውዬ «ዜሮ» ሲል የትኛውን ዜሮ ማለቱ ነው?

አብዛኛው ትንሽ ገበሬ ሒሳቡን የሚይዘው በካሽ ሜተድ ነው። ይህን ጎተራ አድርጋችሁ አስቡት። በሩ ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። በዓመቱ ውስጥ በበሩ የገባ ገቢ ነው፣ የወጣ ወጪ ነው። ማሳ ላይ የቀረው ጎተራ አልገባም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። ሰዎች እስከዚህ ድረስ ይገባቸዋል። ችግሩ በሩ ላይ የሚሆነው ነገር ነው።

መጀመሪያ የገቢውን በር እንይ። አንድ የሐበሻ ሱቅ ባለቤት ዲሴምበር 29 ቼክ ይሰጣችኋል። እናንተ መሳቢያ ውስጥ ከታችሁት ጃንዋሪ 3 ባንክ ታስገባላችሁ። ገቢው የየትኛው ዓመት ነው? የዲሴምበር ነው። እህሉን አላነሳችሁትም፣ ግን የጎተራው ቁልፍ እጃችሁ ውስጥ ነበር። «ብሩን ለጊዜው አንተ ጋ አቆይልኝ» ማለትም ያው ነው። ክፍያውን ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር የሚቻለው ብሩን የመቀበል መብት ሳይኖራችሁ በፊት፣ ሽያጩ ሲፈጸም፣ «የሚከፈለው ጃንዋሪ ላይ ነው» የሚል አስገዳጅ ውል ካለ ነው። ብሩ ተዘጋጅቶ «ና ውሰድ» ከተባላችሁ በኋላ መሸሽ የለም።

በነገራችን ላይ፣ ያልተጠየቅኩት ነገር ነው ግን ልበለው። በረዶ መትቶት የጠፋ ጎመን ተቀናሽ አይደለም። «3,000 ዶላር የሚያወጣ ጎመን ሞተብኝ» ብለው የሚመጡ አሉ። ያዝናል። ግን የዘሩ፣ የማዳበሪያውና የሠራተኛው ወጪ ቀድሞ ተቀንሷል። ጎተራ ያልገባ እህል ከጎተራ ሊወጣ አይችልም።

አሁን ሰውዬው ወዳበላሸው በር እንምጣ። በካሽ ሜተድ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ዘርና ማዳበሪያ ዘንድሮ ከፍሎ ዘንድሮ መቀነስ ይቻላል። ይህ እውነት ነው፣ ምክሩም ከዚህ የተነሣ ነው። ግን ሦስት ጥያቄዎች አሉበት። የከፈልከው ግዢ ነው ወይስ ቀብድ? ከታክስ ማምለጥ ውጪ የንግድ ምክንያት አለው? ገቢህን በጣም አያዛባም? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። አቅራቢው ቀድሞ ለከፈለ ቅናሽ ካደረገ፣ ወይም የጸደይ ዋጋ እንዳይጨምር ከፈራችሁ፣ ምክንያት አላችሁ። ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ነው።

ቀብድ እንዴት ይታወቃል? ደረሰኙን አንብቡት። የዕቃው ዓይነትና ብዛት ካልተጻፈበት፣ ያልተጠቀማችሁበት ብር ሊመለስ የሚችል ከሆነ፣ በሌላ ዕቃ መቀየር ከቻላችሁ፣ ወይም ሻጩ ራሱ በመዝገቡ «ዲፖዚት» ብሎ ከያዘው፣ ቀብድ ነው። እህላችሁን ጎረቤት ጎተራ አስቀመጣችሁ እንጂ አላወጣችሁትም። ስትፈልጉ ትመልሱታላችሁ።

ግዢ ቢሆንም ጣሪያ አለው። በዓመቱ መጨረሻ ያልተጠቀማችሁበት ቀድሞ የተከፈለ መኖ፣ ዘር፣ ማዳበሪያና የመሳሰለው ተቀናሽ የሚሆነው ከሌሎቹ የእርሻ ወጪዎች እስከ 50 በመቶ ድረስ ነው። የትራክተር እርጅና ቅናሽ ከነዚያ ከሌሎቹ ወጪዎች ጋር ይቆጠራል። ከጣሪያው ያለፈው አይጠፋም፤ ዕቃው ጥቅም ላይ በዋለበት ዓመት ይቀነሳል።

አምና የሠራሁትን አንድ ሒሳብ ቁጥሩን ለማቅለል አጠጋግቼ ላሳያችሁ። ሰውየው ከጁን እስከ ኖቬምበር ይሸጣል። በፍልሰታ ጾም ጎመኑ አያድርም፣ ከዚያ በኋላ ይቀዘቅዛል። ባንክ የገባው 58,000 ዶላር ነበር። በዓመቱ ለተጠቀመበት ዘርና ማዳበሪያ 7,000፣ ለኪራይ፣ ለሠራተኛ፣ ለነዳጅና ለሌላው 17,000 አውጥቷል። ድምሩ 24,000። ዲሴምበር ላይ ደግሞ እንደኛ ሰውዬ ያለ መካሪ ሰምቶ ለአንድ አቅራቢ 15,000 ላከ። ይዞ የመጣው ስሌት 58,000 ሲቀነስ 24,000 ሲቀነስ 15,000 ነው። ትርፍ 19,000።

ወረቀቱን ሳገላብጥ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው ዲሴምበር 29 የተቀበለው የ4,000 ዶላር ቼክ ነው። ገቢው 62,000 ሆነ። ሁለተኛው ከ15,000ው ውስጥ በዓይነትና በከረጢት ብዛት የተጻፈው 10,000 ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው 5,000 «የደንበኛ ሒሳብ ላይ የተያዘ» ይላል። ይህ ቀብድ ነው፣ ወደቀ። ጣሪያው የ24,000 ግማሽ፣ 12,000 ስለሆነ 10,000ው ያልፋል። እውነተኛው ትርፍ 28,000 ነው። ከእሱ ስሌት በ9,000 ይበልጣል። በዚህ በ9,000 ላይ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ ብቻ 1,270 ዶላር ገደማ ይሆናል።

ግን ከዚህ የባሰው የሚቀጥለው ዓመት ነው፣ መካሪዎቹም ስለሱ አይናገሩም። ያ 10,000 ዶላር አንዴ ተቀንሷል፤ በጸደይ ማዳበሪያው መሬት ላይ ሲፈስ ዳግመኛ አይቀነስም። የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወጪ 17,000 ብቻ ከሆነ ጣሪያው ወደ 8,500 ይወርዳል። በሩ ጠበበ። ዋናው ሥራው እርሻ ለሆነ ወይም እዚያው እርሻው ላይ ለሚኖር ሰው ከጣሪያው የሚያወጡ ሁኔታዎች አሉ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ቅድመ ክፍያ ድምር ከሦስቱ ዓመታት ሌሎች ወጪዎች ግማሽ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ፣ ጣሪያው አይያዝም። ያም ሆኖ ታክሱ ተሻገረ እንጂ አልቀረም። የሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ምርት ከሆነ ደግሞ ከፍ ወዳለ የታክስ እርከን ሊወስዳችሁ ይችላል።

አንድ ዓመት ጎርፎ ሌላው ሲደርቅስ? ለዚህ ሼጁል ጄ አለ። የዘንድሮውን የእርሻ ገቢ በሙሉም በከፊልም ለሦስት ከፍላችሁ ያለፉት ሦስት ዓመታት እርከን ላይ ታስሉታላችሁ። ያኔ ጎተራው ባዶ ስለነበር ቦታ አለው። ግን ሁለት ነገር እወቁ። ባለፉት ዓመታትም እዚያው እርከን ላይ ከነበራችሁ ምንም አይለወጥም። ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱን ደግሞ አይነካውም። እሱ የጎተራ አይጥ ነው፣ እህሉን የትም ብታዛውሩት ይበላል። ያለፉት ሦስት ዓመታት ፋይል ከሌለ ስሌቱም የለም፤ ስለዚህ የቆየ ታክስ ፋይል አትጣሉ።

«ገበሬ በዓመት አንዴ ነው የሚከፍለው» የሚለውም ጎደሎ ነው። እስከ ማርች 1 ፋይል አድርጎ አንዴ መክፈል የሚችለው ከጠቅላላ ገቢው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው፣ ዘንድሮ ወይም አምና፣ ከእርሻ የሆነ ሰው ነው። የደንበኛዬ ሚስት በዓመት 50,000 ዶላር ደመወዝ አላት፤ ፋይል የሚያደርጉት አብረው ነው። ከ112,000 ውስጥ 62,000 ማለት 55 በመቶ ገደማ ነው። አይደርስም። የአምናውም አልደረሰም ነበር። ለእነሱ የሚቀለው በየሩብ ዓመቱ ቼክ ከመላክ ይልቅ ከሚስትየው ደመወዝ ላይ የሚያዘውን ታክስ ከፍ ማድረግ ነው። ከደመወዝ የተያዘ ታክስ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ ኦክቶበር ላይ ቢጀምሩም ይሠራል።

መዝገብ ሲባል ሰው ትልቅ ሶፍትዌር ይመስለዋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ቼኩ ወይም ዜሉ የደረሰበት ቀን እንጂ ባንክ የገባበት ቀን አይደለም። ለእያንዳንዱ ግዢ ደግሞ የተከፈለበት ቀን፣ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ ከዚያም ማሳ ላይ የዋለበት ቀን። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ዲሴምበር 31 መጋዘን ውስጥ የቀረውን የሚያሳየው ግን እሱ ነው። የቅዳሜ ገበያ ጥሬ ብር በዚያው ቀን ማታ ይጻፍ፤ ሰኞ ላይ «ወደ 600 ነበር» የሚል ሰው 600 አልነበረውም።

ቡና ላይ የነበረው ልጅ ማክሰኞ ደወለልኝ። ለካ ለአቅራቢው ብር ልኳል፣ ደረሰኙም «ክሬዲት» ብቻ ይላል። ዓመቱ ገና አላለቀም። አቅራቢውን ጠይቅ አልኩት፤ ዓይነቱንና የከረጢቱን ብዛት የሚዘረዝር፣ ብሩ የማይመለስ መሆኑን የሚገልጽ ኢንቮይስ ከዲሴምበር 31 በፊት እንዲጽፍልህ። ከዚያ በፊት ግን የሌሎቹን ወጪዎችህን ድምር ላክልኝ፣ ግማሹ ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ምን ያህሉን እንደምናስጽፍ አናውቅም።