የሰዓት ኪራይና የቀን ኪራይ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ስለ ውሃ ፓምፕ ኪራይ በተነሳ ቁጥር «የቀን ኪራይ ማለት የሰዓቱ ዋጋ በስምንት ተባዝቶ ትንሽ የተቀነሰለት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ከዚህ ተነስተው «በሰዓት የሚከራይ ገበሬ ሂሳብ የማይችል ነው» እስከ ማለት ደርሰዋል። እኔ ግን የሚያከራክረን ማባዣው ስምንት ይሁን አሥር አይመስለኝም። በሰዓት ሲዋዋሉ ሞተሩ በቆመበት ጊዜ ገቢው የሚቀርበት አከራዩ ነው፤ በቀን ሲዋዋሉ ግን ከፍሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ተከራዩ ነው። ሁለቱ ዋጋዎች የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀኑ ዋጋ ረከስ ብሎ የሚታየውም ተከራዩ የብልሽቱን ስጋት ስለተሸከመ እንጂ አከራዩ ቸር ስለሆነ አይደለም።

መሬት በእኩልና በገንዘብ ኪራይ የሚያዝበትን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ ሊሆንበት አይገባም። በእኩል የሰጠ ባለመሬት ዝናቡ ከቀረ አብሮ ይጎዳል፤ በገንዘብ ያከራየው ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ስለተቀበለ ሰማዩ ቢጠቁርም ባይጠቁርም ለእሱ ያው ነው። የሰዓት ኪራይ እኩሉን፣ የቀን ኪራይ የገንዘብ ኪራዩን ይመስላል። ተመሳሳይነቱም እዚህ ላይ አያበቃም፦ በእኩል የሰጠ ሰው ምርቱ ሲወቃ አውድማው ላይ መገኘት እንዳለበት ሁሉ፣ በሰዓት በተከራዩት ሞተር አጠገብም ሰዓት የሚይዝ ሰው መቆም አለበት። መሬቱን ለአጭር ጊዜ በገንዘብ የያዘ ገበሬ ለከርሞው ለምነቱ ብዙም እንደማይጨነቅ ሁሉ፣ ሞተሩን ለአንድ ቀን የወሰደ ተከራይም እስከ ማታ ሳያሳርፍ ቢያስነሳው የሚገርም አይሆንም። ንጽጽሩ የሚሰበረው ነዳጅ ላይ ሲደርስ ነው፤ መሬት ነዳጅ አይጠጣም፤ ወደዚያው እመለሳለሁ።

በፎገራ ሜዳ የርብን ወይም የጉማራን ውሃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣ አንድ ገበሬ እንውሰድ። ማሳው ግማሽ ሄክታር፣ የተከራየው ፓምፕ ባለ 3 ኢንች ቤንዚን ሞተር ነው። በቦዩ ውስጥ የሚባክነውን ጨምሮ በአንድ ዙር ማሳውን ለማዳረስ 200 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልገዋል እንበል። ፓምፑ በሰዓት 25 ሜትር ኩብ ከሰጠው ሥራው የ8 ሰዓት ነው። ለስሌት እንዲመቸን የሰዓቱ ኪራይ 150 ብር፣ የቀኑ 1,000 ብር ይሁን፤ ነዳጁን በሁለቱም ውል ተከራዩ ይችላል። ሁሉም በሰላም ካለቀ በሰዓት 1,200፣ በቀን 1,000 ብር ይከፍላል። አስተያየት ሰጪው የሚያዩት ይህን የ200 ብር ልዩነት ብቻ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

አሁን ደግሞ ቱቦው ተዘርግቶ፣ ፓምፑ ውሃ ተሞልቶ ሞተሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሳ፤ 5 ሰዓት ላይ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው የፓምፑ ሲል አልቆ ውሃ ማፍሰስ ጀመረና ቆመ እንበል። ሲሉ ከወረታ ተገዝቶ እስኪመጣና እስኪቀየር 9 ሰዓት ሆነ። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ቢሠራ በድምሩ የ7 ሰዓት ውሃ አገኘ፤ ከማሳው ጫፍ የአንድ ሰዓት ሥራ ቀረ። በሰዓት የተዋዋለው ገበሬ በማግሥቱ ያችኑ አንድ ሰዓት አሠርቶ በድምሩ ያንኑ 1,200 ብር ይከፍላል። በቀን የተዋዋለው ግን ውሉ ስለ ብልሽት ምንም ካላለ ሁለተኛ ቀን ይከራያል፤ 2,000 ብር ማለት ነው። ስለዚህ ደህናው ቀን 200 ብር ሲያተርፈው ክፉው ቀን 800 ብር ያከስረዋል። ከአምስት ቀን አንዱ እንዲህ የሚበላሽበት ሞተር ከሆነ ሁለቱ ውሎች እኩል ይሆናሉ፤ ብልሽቱ ከዚያ ካነሰ የቀኑ ውል ይሻላል፣ ከበዛ የሰዓቱ። ስለዚህ «የቱ ይረክሳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው የዚያን ሞተር ጠባይ በሚያውቁ፣ ከዚህ በፊት በተከራዩት ጎረቤቶች ዘንድ ነው። በእርግጥ ለአንድ ሰዓት ሥራ ብሎ ሞተሩን ተሸክሞ የሚመለስ አከራይ ብዙ አይገኝም፤ በሰዓት የሚዋዋል ሰው ይህን አስቀድሞ ማስማማት ይኖርበታል።

ውሃው ሲጠፋስ? በመጋቢትና በሚያዝያ ከላይ ያሉት ሞተሮች ሲበዙ ወንዙ ይቀንስና መሳቢያው አየር ይስባል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አከራዩም አላጠፋም። በቀን ውል ግን ወጪው ሙሉ በሙሉ የተከራዩ ነው፤ በእኔ ግምት በዚያ ወቅት በሰዓት ለመከራየት ትልቁ ምክንያት ከብልሽት ይልቅ ይህ ነው።

ወደ ነዳጁ ስንመጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ቤንዚን ይጠጣል። በ8 ሰዓት 12 ሊትር ነው፤ ሊትሩን 130 ብር ብናደርገው 1,560 ብር ይሆናል። ነዳጁ ከኪራዩ በለጠ ማለት ነው! ሰዎች በ200 ብር የኪራይ ልዩነት ሲጨቃጨቁ ፓምፑ በአንድ ሊትር ምን ያህል ውሃ እንደሚያወጣ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ያው ሞተር ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለሩ በአሸዋ ተበልቶ በሰዓት 18 ሜትር ኩብ ብቻ ቢሰጥ፣ ለ200 ሜትር ኩብ 11 ሰዓት ያህል መሥራት አለበት፤ ነዳጁ ብቻውን ወደ 2,170 ብር ያድጋል፤ ሥራውም በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሞተር በቀን 500 ብር ቢሰጡትም አላተረፈም።

የፓምፑን አቅም ከሰሌዳው ላይ ማንበብ አይረዳም። ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ላይ በደቂቃ 1,000 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ተብሎ ቢጻፍ ያ ቁጥር ውሃውን ምንም ከፍታ ሳያወጣ የሚሰጠው ነው። በዚያ ላይ ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ፓምፑም ውሃ የሚስብበት ጥልቀት በሁለት ሜትር አካባቢ ይቀንሳል። 8 ሜትር ይስባል የተባለው እዚህ ከ6 ሜትር በላይ አይጠበቅበትም። የሚሻለው ባለ 200 ሊትር በርሜል ከማሳው ጫፍ፣ ውሃው በሚፈስበት ቦታ አስቀምጦ በስልክ ሰዓት መያዝ ነው። በርሜሉ በ29 ሰከንድ ገደማ ከሞላ ፓምፑ በሰዓት 25 ሜትር ኩብ እየሰጠ ነው፤ 40 ሰከንድ ከፈጀበት 18 ላይ ነው። ውሃው እየተቆራረጠ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ መሳቢያ ቱቦው ከአንድ መጋጠሚያ አየር ይስባልና ከመዋዋል በፊት ማጥበቅ ነው።

ነዳጁን አከራዩ የሚችልበት ውልም አለ፤ ብዙዎች ከጣጣ ነፃ ነው ብለው ይመርጡታል። እዚህ ላይ አከራዩ ከሞተሩ ጋር የሚልከውን ሞተሪስት ማየት ያስፈልጋል፤ እጁ ጋዙ ላይ ነውና። ነዳጁ የአከራዩ፣ ውሉም የሰዓት ከሆነ ጋዙን ቀነስ ማድረግ ሁለት ጊዜ ያተርፋል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሰዓትም ያስረዝማል። የሞተሩ ፍጥነት በአንድ አሥረኛ ሲቀንስ ፓምፑ ውሃ የሚገፋበት ኃይል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ገደሉ ጥልቅ በሆነበት ቦታ የሚወጣው ውሃ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ነዳጁ የተከራዩ፣ ውሉ የቀን ሲሆን ደግሞ ሞተሪስቱ ነዳጅ የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም፤ ቱቦ ሲዛወር እንኳ ሞተሩን አያጠፋም። ሞተሪስቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ይሆናል። ነዳጁን ተከራዩ ችሎ በሰዓት ሲዋዋል ጋዙን ከመቀነስ ከሚገኙት ሁለት ጥቅሞች ቢያንስ አንዱ ይጠፋል፤ ቱቦ የሚዛወርበትን ጊዜ ከሂሳቡ ማስወጣት ግን አሁንም በቃል መነገር አለበት።

ሞተሩ ሲበላሽ የጥገናውን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው የሚወሰነው በሰዓትና በቀን ሳይሆን ሞተሩን ማን ይዞት ነበር በሚለው ነው፤ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች መቀላቀል የተለመደ ነው። ሞተሪስቱ የአከራዩ ከሆነ ሞተሩ ያለ ዘይት ቢነክስም፣ ፓምፑ ያለ ውሃ ዞሮ ሲሉ ቢቃጠልም ዕዳው የአከራዩ ነው። ተከራዩ ሞተሩን ብቻውን ከወሰደ በአጠቃቀም ጉድለት የመጣው የእሱ ሲሆን፣ በዕድሜ ያለቀው ግን አሁንም የአከራዩ ሊሆን ይገባል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ጠዋት ላይ አብረው ካዩት ነው፦ የዘይቱ መጠን፣ መሳቢያው ጫፍ ላይ ያለው ማጣሪያ ሳይቀደድ መኖሩ፣ ማጣሪያው ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ መታሰሩ። የዘይቱን ነገር በስልክ ፎቶ ማንሳት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ስለ ትራክተር ልጨምር። እርሻ በብዛት በሄክታር ስለሚዋዋሉት የሰዓት ጉዳይ የሚነሳው ለጭነትና ለመሳሰለው ሥራ ነው፤ እዚያ «ቆጣሪ አለው፣ አያታልልም» የሚለው መተማመኛ ግማሽ እውነት ነው። በብዙ የቆዩ ትራክተሮች ላይ ያለው መካኒካል ቆጣሪ የሚቆጥረው የሞተሩን ዙር ስለሆነ አንድ ሰዓት የሚሞላው ሞተሩ በተወሰነለት ፍጥነት ሲሠራ ብቻ ነው፤ በዝግታ ቆሞ ሲያጉረመርም ከሰዓታችን ኋላ ይቀራል። አዲሶቹ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ግን ሞተሩ እስከተነሳ ድረስ፣ አንዳንዶቹም ቁልፉ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ይቆጥራሉ። ስለዚህ በቆጣሪ የሚዋዋል ተከራይ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጠየቅና ከመንደር ወደ ማሳ የሚሄድበት መንገድ ይቆጠር ወይም አይቆጠር አስቀድሞ መነጋገር አለበት። ባለ 3 ኢንቹ ፓምፕ በአብዛኛው ምንም ቆጣሪ ስለሌለው፣ የቀን ውል የሚጽፍ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ይበቃዋል፦ ሞተሩ በብልሽት ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆመ የባከነው ሰዓት በማግሥቱ ጠዋት ያለ ተጨማሪ ኪራይ ይካካሳል።